ለ12 ሰው ሥራ 16 ሰው፦ የጥሪ ማዕከል የሰዓት ሒሳብ

በጥሪ ማዕከል ሠራተኛ መመደብ ሲታይ የአራተኛ ክፍል የሒሳብ ጥያቄ ይመስላል። ለምሳሌ አዲስ አበባ ውስጥ ያለ አንድ ባንክ እንውሰድ። ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት 240 ደንበኞች ይደውላሉ። አንዱን ደንበኛ አስተናግዶ ለመጨረስ በአማካይ 3 ደቂቃ ይፈጃል። 240 በ3 ሲባዛ 720 ደቂቃ ይሆናል። አንድ ሠራተኛ በሰዓት ውስጥ ያለው 60 ደቂቃ ነው፤ 720 ለ60 ሲካፈል 12። እንግዲህ 12 ሰው ይበቃል ብሎ ደብተሩን የዘጋ ኃላፊ፣ በማግስቱ ሙዚቃ ሲያዳምጡ ቆይተው የተቆጡ ደንበኞች ይጠብቁታል። ለዚያች አንድ ሰዓት ስልክ ላይ መቀመጥ ያለበት 16 ሰው ነው። በሽፍት ሰሌዳው ላይ ስሙ መስፈር ያለበት ደግሞ 23።

ባንኩና የጥሪው ብዛት ለማስረጃ የተወሰዱ ናቸው። ከ12 ወደ 16፣ ከ16 ወደ 23 የሚያደርሰው ስሌት ግን የዓለም የጥሪ ማዕከሎች በየቀኑ የሚሠሩበት ነው።

የመጀመሪያው ስሌት ስህተቱ ማባዛቱና ማካፈሉ ላይ አይደለም። ደንበኞች ተራ ይዘው፣ በየ15 ሴኮንዱ አንድ አንድ እያሉ ይደውላሉ ብሎ ማሰቡ ላይ ነው። ደዋዮች እርስ በርስ አይተዋወቁም፣ አይመካከሩም። አንዱ ገንዘቡ ኤቲኤም ውስጥ ቀርቶበት፣ ሌላዋ የሞባይል ባንኪንግ ሚስጥር ቁጥሯን ረስታ፣ ሁለቱም በአንድ ቅጽበት ስልኩን ያነሳሉ። በሰዓት 240 ጥሪ ማለት በደቂቃ በአማካይ 4 ማለት ነው። እንዲህ በዘፈቀደ ሲመጡ ግን፣ በዚያች ሰዓት ውስጥ ስድስት ሰባት በሚሆኑ ደቂቃዎች ላይ 7 እና ከዚያ በላይ ጥሪ በአንዴ ይጎርፋል። አምስት በሚሆኑ ደቂቃዎች ላይ ደግሞ አንድ ጥሪ ብቻ ይመጣል፣ ወይም ጭራሹኑ አይመጣም።

ታዲያ ይካካሳል አይባልም? አይካካስም። ልብስ ሰፊ ደንበኛ ሲጠፋበት የነገውን ቀሚስ ይሰፋል፤ የጥሪ ማዕከል ሠራተኛ ግን ገና ያልተደወለ ስልክ ማንሳት አይችልም። 4 ሰዓት ከ10 ላይ ሥራ የፈታባት ደቂቃ ለ4 ከ20 አትቀመጥም፣ ጠፍታ ትቀራለች። 4 ከ20 ላይ የተጠራቀመው ወረፋ ግን አይጠፋም፤ ከኋላው ለሚመጣው ሁሉ ይተርፋል። ሥራው 12 ሰው የሚፈልግ ሆኖ ሰውም ልክ 12 ከሆነ፣ አንዴ የተፈጠረ ወረፋን የሚያቃልል ትርፍ እጅ የለም። ሒሳቡም በዚህ ነጥብ ላይ ወረፋው መቆሚያ እንደሌለው ይናገራል።

ይህን ነገር መጀመሪያ በወግ የፈታው አግነር ክራሩፕ ኤርላንግ የሚባል ዴንማርካዊ የሒሳብ ሰው ነበር። እንደ ፈረንጆቹ በ1878 የተወለደው ኤርላንግ፣ በ1908 በኮፐንሃገን ስልክ ኩባንያ ተቀጠረ። በዘመኑ ስልክ የሚገናኘው በሰው እጅ ነው፤ ከማብሪያ ሰሌዳ ፊት የተቀመጡ ኦፕሬተሮች ገመድ እየሰኩ ደዋይን ከተደዋይ ያገናኙ ነበር። ኩባንያው መስመርና ሠራተኛ ካበዛ ይከስራል፣ ካሳነሰ ደንበኛ ያማርራል። ኤርላንግ በ1909 የስልክ ጥሪዎች የሚመጡት በዘፈቀደ ሕግ መሆኑን የሚያሳይ ጽሑፍ አወጣ። በ1917 ደግሞ ዛሬም የሚሠራባቸውን ቀመሮች አሳተመ። ለጥሪ ማዕከል የሚያገለግለው ኤርላንግ ሲ ይባላል። የሥራ ጫና መለኪያውም በስሙ ተሰይሟል፤ በባንካችን ከ4 እስከ 5 ሰዓት ያለው ጫና 12 ኤርላንግ ነው፣ ማለትም በአንድ ሰዓት ውስጥ መሠራት ያለበት የ12 ሰዓት ሥራ።

ኤርላንግ ሲ የሚጠይቀው ሦስት ነገር ነው፦ ስንት ጥሪ ይመጣል፣ አንዱ ስንት ጊዜ ይፈጃል፣ ስንት ሰው ተቀምጧል። የሚመልሰው ደግሞ አንድ ደዋይ ወረፋ የመጠበቅ ዕድሉ ምን ያህል እንደሆነና ምን ያህል እንደሚጠብቅ ነው። ቀመሩን በእጅ መሥራት አድካሚ ነው፤ ኤክሴል ግን በቅጽበት ይጨርሰዋል። ለባንካችን የሚያወጣው ውጤት፣ ብዙ ኃላፊዎች ጆሯቸውን የማያምኑት ዓይነት ነው።

13 ሰው ሲቀመጥ፣ በ20 ሴኮንድ ውስጥ ስልኩ የሚነሳለት ደንበኛ ከመቶ 37 ብቻ ነው፤ አማካይ ጥበቃው ከ2 ደቂቃ ያልፋል። አንድ ሰው ጨምሮ 14 ሲሆን ከመቶ 61ዱ ይነሳላቸዋል፣ ጥበቃውም ወደ 43 ሴኮንድ ይወርዳል። 15ኛው ሰው ቁጥሩን ወደ 77 ያወጣዋል፣ ጥበቃውን ወደ 19 ሴኮንድ ያወርደዋል። 16 ሲሆኑ ከመቶ 87 ደንበኛ በ20 ሴኮንድ ውስጥ ሰው ያገኛል። 17ኛው ሰው ወደ 93 ያደርሰዋል።

አካሄዱን ልብ ይሏል። አሥራ አራተኛው ሰው 24 ነጥብ ጨመረ፤ አሥራ ሰባተኛው ግን 6 ብቻ። ከ13 ወደ 14 የመጣው ሰው ከሌሎቹ የበለጠ ጎበዝ ስለሆነ አይደለም። ከጫናው በላይ ያለው ትርፍ እጅ ከአንድ ወደ ሁለት ስላደገ፣ ማለትም እጥፍ ስለሆነ ነው። «አንድ ሰው ቢቀር ምን ይጎዳል» የሚባለው ነገር በጥሪ ማዕከል እንደ ሰዓቱ ይለያያል። 17 ሰው ባለበት አንዱ ቢቀር ደንበኛ አይሰማውም። 14 ባሉበት አንዱ ቡና ሊጠጣ ቢወጣ ግን አዳራሹ ይናወጣል።

16 የሚለው መልስ የመጣው፣ ባንካችን ከመቶ 80 ጥሪ በ20 ሴኮንድ ውስጥ ይነሳ ብሎ ስለወሰነ ነው። ይህ «80 በ20» በዘርፉ የተለመደ ልማድ እንጂ ሕግ አይደለም። ሥራው ሌላ ከሆነ ልኩም ሌላ ነው። በአሜሪካ ለ911 የአደጋ ጥሪ የብሔራዊ ማኅበሩ መለኪያ በ2020 ሲሻሻል፣ ከመቶ 90 ጥሪ በ15 ሴኮንድ፣ ከመቶ 95 ደግሞ በ20 ሴኮንድ ይነሳ ብሏል። የታክሲ ጥሪ ወይም የሒሳብ ቀሪ ጥያቄ የሚያስተናግድ ድርጅት ይህን ልቅዳ ቢል ያለ ጥቅም ገንዘቡን ይበትናል።

ኤክሴል በሌለበት የሚያገለግል አቋራጭም አለ። የጫናውን ቁጥር ይዞ ስኩዌር ሩቱን መደመር ነው። የ12 ስኩዌር ሩት ሦስት ተኩል ገደማ ነው፤ ሲደመር 15 ተኩል ይሆናል፣ ወደ ላይ ሲጠጋጋ 16። ትርፉ ከሥራው ጋር እኩል አያድግም ማለት ነው፤ ቀስ ብሎ ነው የሚከተለው። የቤል ላብራቶሪ ተመራማሪዎች ሽሎሞ ሃልፊን እና ዋርድ ዊት በ1981 ለዚህ አካሄድ ጠንካራ የሒሳብ መሠረት ሰጥተውታል።

የአቋራጩ ዋና ጥቅም ማታ ማታ ይታያል። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ባንካችን የሚደርሱት ጥሪዎች 40 ብቻ ናቸው እንበል። ጫናው 2 ኤርላንግ ነው። የጠዋቱ ጥሪ የምሽቱ ስድስት እጥፍ ስለሆነ፣ ኃላፊው 16ን ለ6 አካፍሎ 3 ሰው ይበቃል ሊል ይችላል። በ3 ሰው ግን ከመቶ 60 ጥሪ ብቻ ነው በወቅቱ የሚነሳው። 4 ሰው ያስፈልጋል። እነዚህ አራቱ ከሰዓቱ ግማሹን ያለ ጥሪ ያሳልፋሉ፤ የጠዋቶቹ 16 ግን በሰዓት 45 ደቂቃ ይሠራሉ። የምሽት ሠራተኞች «ተኝተው ነው የሚያድሩት» ተብለው ሲታሙ፣ ስንፍና ሳይሆን ይህ ሒሳብ ነው ሥራ ያስፈታቸው። ትንሽ ወረፋ ሁልጊዜ ከትልቅ ወረፋ ይልቅ በአንድ ጥሪ ብዙ ሰው ይበላል።

በኢትዮጵያ ይህ ነገር ከቋንቋ ጋር ሲገናኝ ይከብዳል። ባንካችን 240ውን ጥሪ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛና በሶማሊኛ እኩል ከፍሎ፣ ለእያንዳንዱ ቋንቋ የራሱን ወረፋና የራሱን ሠራተኞች መደበ እንበል። አንዱ ወረፋ 3 ኤርላንግ ይደርሰዋል። 80 በ20ን ለማሟላት እያንዳንዱ 5 ሰው ይፈልጋል፤ በጠቅላላው 20። ጥሪው አንድም አልጨመረም፣ ሠራተኛው ግን ከ16 ወደ 20 ወጣ። ምክንያቱ የሶማሊኛው ጠረጴዛ ሥራ ሲፈታ የአማርኛውን ወረፋ ማገዝ አለመቻሉ ነው። ከሃያው ውስጥ ጥቂቶቹ ሁለት ቋንቋ የሚችሉ ሆነው ሲስተሙ ጥሪውን እንደ አስፈላጊነቱ እንዲያሻግርላቸው ከተደረገ፣ ከአራቱ ትርፍ ሰዎች ጥሩ ድርሻው ይመለሳል። ሁሉም አራቱን ቋንቋ መቻል አይጠበቅበትም፤ በየወረፋው መካከል የሚመላለሱ ጥቂት ሰዎች ብዙ ያቃልላሉ። ለዚህ ነው ሁለት ቋንቋ ለሚችል አመልካች ከፍ ያለ ደመወዝ መክፈል ለድርጅቱ ወጪ ሳይሆን ቁጠባ ሊሆን የሚችለው።

እስካሁን 240 የሚለው ቁጥር ከሰማይ እንደወረደ ተቆጥሯል። እውነቱን ለመናገር ግን ከቀመሩ ይልቅ ብዙ ስህተት የሚሠራው እዚህ ላይ ነው።

የተለመደው መንገድ ያለፉትን በርካታ ሳምንታት መዝገብ አውጥቶ፣ ሰኞን ከሰኞ ጋር፣ ማክሰኞን ከማክሰኞ ጋር ማስተያየት ነው። የቀኑ ጠቅላላ ጥሪ ከተገመተ በኋላ ለየሰዓቱ ድርሻው ይከፋፈላል፤ ለምሳሌ ከ4 እስከ 5 ያለው ሰዓት የቀኑን ከመቶ 12 ይወስዳል ተብሎ። የሰዓቱ ድርሻ ከሳምንት ሳምንት ብዙም ስለማይለዋወጥ ዋናው ግምት የቀኑ ድምር ላይ ነው። ግማሽ ሰዓት በግማሽ ሰዓት መከፋፈሉ ደግሞ ይመረጣል። ከ240ው 150 ያህሉ ከ4 እስከ 4 ተኩል የሚደውሉ ከሆነ፣ በዚያ ግማሽ ሰዓት ጫናው 15 ኤርላንግ ነው። 16ቱ ሰዎች የቀራቸው አንድ ትርፍ እጅ ብቻ ሲሆን፣ ቅድም 13 ሰው ያለበትን አዳራሽ የመሰለ ወረፋ ይፈጠራል። የሰዓቱ አማካይ ግን ይህን ሁሉ ሸፍኖ ያልፋል።

ከውጭ የተገዙ የትንበያ ሶፍትዌሮች እኛ ዘንድ ሲመጡ የሚሰናከሉት የዘመን አቆጣጠር ላይ ነው። ሶፍትዌሩ የሚያውቀው የፈረንጆቹን ወር ነው። ደመወዝ በኢትዮጵያ ወር የሚከፍል መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ግን የሚደውሉት የእኛን ወር መጨረሻ ተከትለው ነው፤ ያ ቀን በፈረንጆቹ ወር ውስጥ የሚውለው በመጀመሪያዎቹ ቀናት አካባቢ ነው። ፋሲካ በየዓመቱ ቀኑን ይቀያይራል። ኢድ አልፈጥርና አረፋ በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ያህል ወደኋላ ይመጣሉ። ስለዚህ «ያለፈው ዓመት ይህ ቀን» ብሎ የሚያነጻጽር ሲስተም የበዓል ዋዜማን ከተራ ማክሰኞ ጋር ያጋጥማል። ልምድ ያላቸው ዕቅድ አውጪዎች ለየበዓሉ የራሱን መዝገብ ይይዛሉ፤ ከዋዜማው ሦስት ቀን በፊት፣ በዋዜማው፣ በማግስቱ ስንት ጥሪ እንደመጣ ለብቻው ይጻፋል።

ሌላው ወጥመድ መዝገቡ ራሱ ነው። ሲስተሙ የሚቆጥረው ጥሪን እንጂ ሰውን አይደለም። ባለፈው ወር ሰው አንሶ ስልክ ያልተነሳላቸው ደንበኞች ደግመው ደጋግመው ደውለዋል። መዝገቡ ላይ 300 ሆኖ የተጻፈው 240 ሰው ሊሆን ይችላል። በተቃራኒው መስመሮቹ ሁሉ ተይዘው «ተይዟል» የሚል ድምፅ ብቻ የሰማ ሰው ጭራሽ ላይመዘገብ ይችላል። የተደወለበትን ቁጥር እያዩ፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከአንድ ስልክ የመጡ ተደጋጋሚ ጥሪዎችን እንደ አንድ መቁጠር የመጀመሪያውን ችግር ያቃልላል። ሁለተኛውን ማወቅ የሚቻለው የተያዙ መስመሮችን ሪፖርት ከቴሌኮም አቅራቢው በመጠየቅ ነው።

ከጥሪው ብዛት ቀጥሎ 3 ደቂቃ የሚለው ቁጥር ይመጣል። ይህ የንግግሩ ጊዜ ብቻ አይደለም። ደንበኛው መስመር ላይ ቆይ የተባለበት፣ ስልኩ ከተዘጋ በኋላም ሠራተኛዋ ቅሬታውን ሲስተም ላይ የምታስገባበት ጊዜ ሁሉ ተደምሮ ነው። የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይረሳል። ባንኩ አዲስ ፎርም አምጥቶ፣ ከየጥሪው በኋላ 30 ሴኮንድ የሚፈጅ ምዝገባ ጨመረ እንበል። ጥሪው 240 እንደሆነ ነው፤ ሠራተኛውም 16። ጫናው ግን ከ12 ወደ 14 ኤርላንግ ወጣ። በ20 ሴኮንድ ውስጥ የሚነሳው ጥሪ ከመቶ 87 ወደ 58 ይወድቃል። ፎርሙን ያዘጋጀው ክፍልና የወረፋው ቅሬታ የሚደርሰው ክፍል አንድ ሕንፃ ውስጥ ሆነው ላይገናኙ ይችላሉ።

አሁን 16 ወንበር ተሞልቶ ለማየት 23 ሰው ለምን እንደሚመዘገብ እንመልከት። ደመወዝ የሚከፈለው ሰው ሁሉ በእያንዳንዷ ሰዓት ስልክ ላይ አይደለም። የዓመት ፈቃድ አለ፣ ሕመም አለ፣ ለቅሶ አለ፣ ሥልጠና፣ ስብሰባ፣ ሻይ፣ ትራንስፖርት አጥቶ ማርፈድ አለ። እነዚህ ተደማምረው ከሚከፈልበት ጊዜ ከመቶ 30 የሚሆነውን መውሰዳቸው በዘርፉ የተለመደ ነው። የባንካችንም 30 ነው እንበል። እዚህ ላይ አንድ የታወቀ ስህተት አለ፤ የ16ን ከመቶ 30 አስልቶ መጨመርና 21 ማለት። ከ21 ሰው ከመቶ 30ው ሲጎድል የሚቀረው 15 አይሞላም። ትክክለኛው መንገድ 16ን ለ0.7 ማካፈል ነው፤ 22.9 ይሆናል፣ ሲጠጋጋ 23። በዚህች ስህተት ምክንያት ቀመሩን በትክክል ሠርተው እንኳ በየቀኑ አንድና ሁለት ሰው የሚያንሳቸው ማዕከሎች አሉ።

ኤርላንግ ሲም የራሱ ገደብ አለው። ቀመሩ ደንበኛ የቱንም ያህል ቢጠብቅ ስልኩን አይዘጋም ብሎ ያምናል። የ1917 ቀመር ስለሆነ አይፈረድበትም። በተግባር ግን ብዙ ሰው አንድ ሁለት ደቂቃ ጠብቆ ይዘጋል፣ ሲዘጋም ወረፋውን ለሌላው ያቀልለታል። ስለዚህ ሰው ባነሰ ቁጥር ቀመሩ ከእውነታው የባሰ ሥዕል ይሰጣል፤ 12 ሰው ቢቀመጥ ወረፋው በእውን ማለቂያ አያጣም፣ የሚዘጉት ያሳጥሩታል። ስዊድናዊው ኮኒ ፓልም በ1940ዎቹ የደንበኛን ትዕግሥት ጨምሮ ያሻሻለው ቀመር ኤርላንግ ኤ ይባላል። ሁለቱን ለመምረጥ ቀላሉ ምልክት የሚዘጉት ብዛት ነው። ከመቶ ሁለት ሦስቱ ብቻ የሚዘጉ ከሆነ ኤርላንግ ሲ ይበቃል። አሥርና ከዚያ በላይ ከሆኑ ቁጥሩ አይታመንም።

ዕቅዱ ተጠናቆ ሰሌዳው ከተለጠፈ በኋላም ሥራው አይቆምም። 4 ሰዓት ተኩል ላይ 120 ጥሪ ይመጣል ተብሎ 135 ቢመጣ፣ ሱፐርቫይዘሯ አካሄዱ እንዲሁ ከቀጠለ የሰዓቱ ልክ 270 እንደሚሆን ታሰላለች። ጫናው 13 ተኩል ኤርላንግ ነው። ስኩዌር ሩቱ 3.7 ገደማ ሲደመርበት 17.2 ይመጣል፤ ስለዚህ 18 ሰው ትፈልጋለች። መጀመሪያ የምታጣራው ጭማሪው ከአንድ ምክንያት የመጣ እንደሆነ ነው። ኤቲኤም ተቋርጦ ከሆነ፣ ይህንኑ የሚናገር የተቀዳ ድምፅ ወረፋው መግቢያ ላይ ስታስገባ የተወሰነው ደዋይ መልሱን ሰምቶ ይዘጋል። ምክንያቱ የተበታተነ ከሆነ ግን፣ ሥልጠና ክፍል ካሉት ሁለቱን እስከ 5 ሰዓት ስልክ ላይ አስቀምጣ የእነሱን ሥልጠና ከሰዓት በኋላ ጥሪው ወደሚቀልልበት 9 ሰዓት ታዛውረዋለች።